ነጠላው ይመለሳል፣ ቀሚሱ አይመለስም

«አንድ ቀን ነው የለበስኩት። ታጥቦ ሲወጣ ቀሚሱ ሮዝ ሆኗል፣ አጥሯል፤ የነጠላው ጥለትም ቀለም ለቅቋል። እስከ ዓርብ 18,000 ብሬን ካልመለሳችሁልኝ እከሳለሁ፤ ለማውቀው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ባለሱቅ እንዲህ ያለ መልእክት ስልኳ ላይ ሲደርሳት መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ በደረሰኙ ግርጌ የታተመው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው መስመር ነው። ሌላው ደግሞ መሳቢያው ነው፤ ጥቂት ሺህ ብር ሰጥቶ ነገሩን ማብረድ። ሁለቱም ችግሩን አይፈቱትም። የመጀመሪያው ከሕጉ ጋር ያጋጫታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያላጠፋችውን ጥፋት ያመነች ያስመስላታል።

ከዚህ በታች የምንከተለው ጉዳይ በልብስ ሱቆች የተለመዱ ቅሬታዎችን አንድ ላይ አምጥቶ የተዋቀረ ምሳሌ ነው። ደንበኛዋ ለወንድሟ ሠርግ በልኳ የሚሠራ ቀሚስ ከነነጠላው አዘዘች። ዋጋው በድምሩ 18,000 ብር ሲሆን በትእዛዝ መዝገቡ ላይ ቀሚሱ 14,000፣ ነጠላው 4,000 ተብሎ ለየብቻ ሰፍሯል። ግማሹን ቀብድ ከፈለች፤ ልብሱ ሲደርስ ለክታው ቀሪውን ከፍላ ወሰደች። ሠርጉ አለፈ፣ ልብሱ ታጠበ፣ በተረከበች በ12ኛው ቀን መልእክቱ መጣ።

ባለሱቋ መልስ ከመጻፏ በፊት ልብሶቹን ማየት አለባት። ፎቶ አይበቃም፤ የስልክ ካሜራ ነጩን ሮዝ፣ ሮዙን ነጭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። ልብሶቹን ይዘው ቢመጡ አብረን እናያቸዋለን፤ ካየን በኋላ በማግስቱ በጽሑፍ መልስ እንሰጥዎታለን።» ይህ መልስ ምንም አያምንም፣ ምንም አይክድም። ደንበኛዋ «አንቺ» እያለች ብትጽፍ እንኳ ከሱቁ የሚወጣው መልስ ከ«እርስዎ» አይወርድም።

አሁን ጨርቁን ማንበብ ይጀመራል። የቀለም መዛመት ሁለት ዓይነት መልክ አለው፤ ሁለቱን መለየት የጉዳዩን ግማሽ ይፈታል። ቀለም የለቀቀው ጥልፉ ወይም ጥለቱ ራሱ ከሆነ ጉዳቱ የሚታየው ከዚያው ክር ዙሪያ ነው፤ ነጩ ጨርቅ ከጥለቱ አጠገብ ጠቁሮ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ይሄዳል። ልብሱ በእርጥብነቱ ታጥፎ ከቆየም የጥለቱ ቅርጽ በፊት ለፊቱ ባለው ጨርቅ ላይ ታትሞ ይገኛል። የተዛመተውም ቀለም የጥለቱ የራሱ ቀለም ነው። ልብሱ ከሌላ ቀለም ከሚለቅ ልብስ ጋር ታጥቦ ከሆነ ግን ነጩ ሁሉ ከሞላ ጎደል እኩል ይነከራል። ከጥልፉ ርቆ ያለው ጀርባ፣ የብብቱ ስፌት፣ የውስጡ ገበር ሳይቀር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

በዚህ ምሳሌ የቀሚሱ ጥልፍ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ጨርቁ የያዘው ቀለም ደግሞ ሮዝ ነው። ሮዙ ገበሩን ጨምሮ ከአንገት እስከ ጠርዝ አንድ ነው። በጥልፉ ላይ ሮዝ ሊሰጥ የሚችል ክር የለም። ስለዚህ ቀለሙ ከአንድ ቀይ ልብስ መጥቷል፤ ያ ልብስ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ ግን ማንም አያውቅም።

ነጠላው ሌላ ታሪክ ይናገራል። በጥለቱ ዳር አረንጓዴ ጥላ ተዘርግቷል፤ ወደ መሐሉ ሲጠጋ ይጠፋል። ባለሱቋ ነጭ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታርሳለች፤ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጋ አሥር ጊዜ ያህል ታሻለች። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ይነሣል። ያንኑ ሙከራ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ በቀሚሱ ጥልፍ ላይ ትደግማለች፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱ ክሮች ለዓይን አንድ አረንጓዴ ቢመስሉም የተገዙት ከተለያየ ቦታ ነው፤ ነጠላውን የሸመነው ሸማኔም ሌላ ነው። ቀለሙ በክሩ ላይ በደንብ ያልያዘ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ ምንም ምልክት አያሳይም፤ የሚታወቀው ውሃ ሲነካው ነው።

ሙከራው ደንበኛዋ ባለችበት መደረጉ ትርጉም አለው። ብቻዋን የተደረገ ሙከራ የባለሱቋ ቃል ብቻ ነው፤ አብረው ያዩት ግን የሁለቱም ዕውቀት ይሆናል። የሱቁን ጥፋት የሚያጋልጠውና ሱቁን ነፃ የሚያወጣው ሙከራ አንድ ዓይነት መሆኑም ደንበኛዋን ያሳምናል፤ ባለሱቋ በነጠላው ላይ ያልሸሸገችውን በቀሚሱ ላይ ትዋሻለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የቀረው ማጠሩ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀሚሱ ሲረከብ ርዝመቱ 138 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን ሲለካ 133 ሆኗል። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ መሰብሰቡ ያለ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ስለሚሸመን ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይላላና ጨርቁ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙቅ ውሃና የማሽን መንከባለል ይህን ያብሱታል። የደረሰኙ ጀርባ «በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ለብቻው ይታጠብ» ይላል። ይህ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የማጠሩ ክርክር ባለሱቋን ይጎዳት ነበር፤ በቃል የተነገረ የአስተጣጠብ ምክር ከሠርግ ግርግር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፣ ተነግሯል አልተነገረም ብሎ መከራከርም አያልቅም።

አሁን ወደ ደረሰኙ ግርጌ እንመለስ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው መስመር በአገራችን ሱቆች ሁሉ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ሁኔታ ብቻ ነው። ደንበኛ ሐሳቡን ሲቀይር፣ ቀለሙ ቤት ሲገባ ሳይማርከው ሲቀር፣ ወይም ሌላ ሱቅ ርካሽ ሲያገኝ ሱቁ «አልመልስም» ማለት ይችላል። ዕቃው ጉድለት ሲኖርበት ግን መስመሩ ጉልበት ያጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጩና ገዢው ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከተዋዋሉ ደግሞ የተሻለው ይጸናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ እንዳለበት ያስቀምጣል።

ስለዚህ የባለሱቋ ደንብ ለሁለት ይከፈላል። «የታጠበ ልብስ አንቀበልም» የሚለው በቀሚሱ ላይ ይጸናል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የመጣው ከአስተጣጠቡ ነው። በነጠላው ላይ ግን አይጸናም፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ከመታጠቡ በፊትም በክሩ ውስጥ ነበር፣ መታጠቡ ያደረገው ነገር ቢኖር ገሃድ ማውጣት ነው። ሳይታጠብ የማይታይን ጉድለት «ታጥቧልና አልመልስም» ብሎ መከልከል ገዢው መቼም እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ደንቧን ማክበር የምትፈልግ ባለሱቅ የደንቧን ዳርቻም ማወቅ አለባት።

የቀብዱ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። አንዳንድ ባለሱቆች እንዲህ ባለ ክርክር መካከል «ቀብድ አይመለስም» ይላሉ፤ ነገር ግን ቀብድ የሚሠራው ልብሱ ሳይረከብ ውሉ ከፈረሰ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልብሱ ተሠርቶ፣ ቀሪው ተከፍሎ፣ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ግን ቀብዱ ከዋጋው ጋር ተቀላቅሏል። በምሳሌያችን 9,000 ብሩ ከ18,000 ውስጥ ነው፤ ለብቻው የሚያከራክር የለውም።

ከውጭ አገር የሚያዙ ደንበኞች ሌላ ግምት ይዘው ይመጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መተው ይችላል፤ አውሮፓ የምትኖር ደንበኛም ይህን መብት ለምዳዋለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ያው የኅብረቱ መመሪያ በገዢው ትእዛዝና ልክ የተሠራን ዕቃ ከዚህ መብት ውጪ አድርጎታል። በደረትና በወገብ ልክ የተሰፋ ቀሚስ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ጉድለት ሲገኝበት ግን እዚያም ቢሆን የገዢው መብት ሌላ ነው።

የሚመለሰው ገንዘብ መጠን ከዚህ ሁሉ ይወጣል። ቀላሉ መንገድ ከአየር ላይ አንድ ቁጥር መጥራት ነው፤ «አምስት ሺህ እንመልስልዎት» ወይም «ሠላሳ በመቶ እንቀንስ»። ይህ በሽሮ ሜዳ ልክ ዋጋ እንደመጥራት ነው የሚሰማው። ዋጋ በክርክር በሚቆረጥበት ገበያ የተጠራ ቁጥር ሁሉ የመነሻ ቁጥር ነው፤ አምስት ብላ ከጀመረች ደንበኛዋ አሥራ አምስት ትላለች፣ ሽማግሌ ገብቶ አሥር ይላል። ሁሉም ሰው ጥሩ አስታራቂ ሆኖ ይሰማዋል፤ ማን ምን እንዳጠፋ ግን ማንም አልጠየቀም። ክርክሩን የሚዘጋው ምንጩ የሚታይ ቁጥር ነው። ነጠላው 4,000 ብር ነው፤ ጉድለት ያለበት እሱ ነው፤ የሚመለሰው 4,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 500 ብር ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ሌላ ጥፋት መገኘት አለበት።

መልሱ በማግስቱ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ውድ ደንበኛችን፣

ቅሬታዎን ተቀብለን ትናንት ልብሶቹን አብረን አይተናል። ያገኘነው ይህ ነው።

የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ክር በቀዝቃዛ ውሃም ቀለም ይለቃል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ክሩን ሳንፈትሽ ሸጠንልዎታል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ነጠላው በመዝገባችን 4,000 ብር ስለሆነ 4,000 ብሩን እንመልስልዎታለን፤ ወይም ከመረጡ ክሩ የተፈተሸ ሌላ ነጠላ በ10 ቀን ውስጥ አሸምነን እናስረክብዎታለን።

የቀሚሱን 14,000 ብር ግን አንመልስም። ቀሚሱ የያዘው ሮዝ ቀለም ገበሩን ጨምሮ ጨርቁን ሁሉ እኩል የነካ ነው፤ በጥልፉ ላይ ካሉት አረንጓዴና ወርቃማ ክሮች ሊመጣ አይችልም። ጥልፉም በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቀለም አለመልቀቁን አብረን አይተናል። ቀለሙ የመጣው አብሮ ከታጠበ ሌላ ልብስ ነው። ርዝመቱም ሲረከቡ 138 ሴንቲ ሜትር የነበረው 133 የሆነው በመታጠቡ ነው፤ ቀሚሱ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅና ለብቻው እንዲታጠብ በደረሰኙ ጀርባ ተጽፏል። በልክ የተሠራና የታጠበ ልብስ የሥራ ወይም የክር ጉድለት ካልተገኘበት በቀር መልሰን አንቀበልም፤ ይህ ደንብ ለሁሉም ደንበኞቻችን አንድ ነው።

የቀሚሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ 4 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለው። ከፈቀዱ ያለ ክፍያ ፈትተን እናስረዝምልዎታለን። ሮዙ ቀለም ይለቃል ብለን ግን ቃል መግባት አንችልም።

ነጠላውን ይዘው በመጡበት ሰዓት ገንዘቡን በጥሬው ወይም በቴሌብር እንከፍላለን። እስከ ቅዳሜ ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ቀኑ ካልተመቸዎት ይደውሉልን።»

ደብዳቤው የራሱን ጥፋት ያስቀደመው በከንቱ አይደለም። እምቢታው ቀድሞ ቢመጣ ደንበኛዋ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ሰበብ ታነበዋለች፤ 4,000 ብሩም እንደ ማባበያ ይታያታል። ጥፋቱ ቀድሞ ሲታመን ግን ቀጥሎ የሚመጣው «አንመልስም» የሚናገረው አሁን ጥፋቱን ካመነው ሰው አፍ ነው።

ይቅርታውም ወሰን አለው። «ቅር ከተሰኙ ይቅርታ» የሚለው አባባል ጥፋቱን ከሻጩ አንሥቶ ወደ ደንበኛዋ ስሜት ያዞረዋልና ያናድዳል። «ለደረሰብዎ ጉዳት ሁሉ ይቅርታ» የሚለው ደግሞ በሌላው ጫፍ ያጠፋል፤ ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደ ይህ አንድ መስመር ቀሚሱንም ያካተተ እምነት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የባለሱቋ ይቅርታ ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ባልተፈተሸው ክር ላይ።

ሌላው የሚስተዋለው ደብዳቤው ደንበኛዋን አለመክሰሱ ነው። «ከቀይ ልብስ ጋር አጥበውታል» አይልም፤ «አብሮ ከታጠበ ሌላ ልብስ የመጣ ነው» ይላል። ጨርቁ የሚመሰክረው ይህን ያህል ብቻ ነው። ያጠበችው ደንበኛዋ ራሷ ላትሆን ትችላለች፤ የቤት ሠራተኛ፣ እህት ወይም ላውንድሪ ሊሆን ይችላል። ያጠበው ላውንድሪ ከሆነ ደግሞ የቀሚሱን ዋጋ የምትጠይቀው ሌላ ወገን አለ፤ ይህ ደብዳቤም ለዚያ ክርክር ማስረጃ ይሆናታል። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የተባለች ሴት ግን ደብዳቤውን ለማንም አታሳይም።

ጠርዙን ያለ ክፍያ ማስረዘም ለሱቁ የአንድ ሰፊ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለደንበኛዋ ግን ቀሚሱን መልሳ የምትለብስበት መንገድ ነው። ከገንዘቡ ጋር አለመቀላቀሉም ተገቢ ነው፤ ጥፋት ላልሆነ ነገር የተሰጠ አገልግሎት ስለሆነ «ከፈቀዱ» በሚል ቃል ለብቻው ቀርቧል። ስለ ሮዙ ቀለም ቃል አለመግባቷም ልክ ነው። ከሌላ ልብስ የመጣ ቀለም ልብሱ ሳይደርቅና ካውያ ሳይነካው ወዲያው ደግሞ በማጠብ የመልቀቅ ዕድል ነበረው፤ ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው። በረኪና መሞከር ደግሞ የጥልፉን ክር ያበላሻል፤ ያኔ ጉዳቱ የሱቁ ይሆናል።

ባለሱቆች በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ፈተና ይገጥማቸዋል፦ ገንዘቡን «ለማንም እንዳይናገሩ» ከሚል ቃል ጋር ማሰር። ደንበኛዋ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ ብላ ስለዛተች ፈተናው ያይላል። በጀርመን አገር በኢቤይ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለው። ጥናቱን ያካሄዱት እነ ዮሐንስ አቤለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከአንድ ትልቅ ሻጭ ጋር ሆነው መጥፎ ወይም መሐል ሰፋሪ አስተያየት የጻፉ ገዢዎችን በቡድን ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ይቅርታ ተጻፈላቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ አስተያየታቸውን ቢያነሡ ጥቂት ዩሮ እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። ይቅርታ ከተጠየቁት 45 በመቶ ያህሉ አስተያየታቸውን አነሡ፤ አምስት ዩሮ ከቀረበላቸው ያነሡት 23 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ከዚህ ላይ ይቅርታ ከገንዘብ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፣ ጥናቱ የለካውም አስተያየት መነሣቱን ብቻ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የቀረበው በቅድመ ሁኔታ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ «ዝም በሉ፣ እንከፍላለን» ዓይነት ነው። የነጠላው 4,000 ብር ግን የዝምታ ዋጋ አይደለም፤ የነጠላው ዋጋ ነው። ደንበኛዋ ብትናገርም ባትናገርም ይገባታል። ስለዚህ ርክክቡ ላይ የሚፈረመው ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «የነጠላውን ዋጋ 4,000 ብር ተቀብዬ ነጠላውን መልሻለሁ።» ቀንና ፊርማ ይከተላል። ስለ ቀሚሱ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ቃል ማስገባት የሚቻለው ደንበኛዋ በነገሩ አምና በፈቃዷ ከተስማማች ብቻ ነው፤ ይህን ካልፈረምሽ የነጠላውን አንሰጥም ማለት ግን የሚገባትን ገንዘብ መያዣ ማድረግ ነው።

ደንበኛዋ ምን ትመልሳለች? አንዳንዷ ተናድዳ ብትመጣም ሙከራውን በዓይኗ ስላየች 4,000 ብሩን ተቀብላ ጠርዙን ለማስረዘም ቀሚሱን ትታ ትሄዳለች። ሌላዋ «እሺ፣ ግማሽ በግማሽ እንካፈለው፤ 9,000 ስጡኝ» ትላለች። ለዚህ አዲስ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተጨማሪው 5,000 ለየትኛው ጉድለት ነው?» ደንበኛዋ እውነተኛ ጉድለት ካሳየች፣ ለምሳሌ የተፈታ ስፌት ወይም ከልኩ የጠበበ እጅጌ ካለ፣ ባለሱቋ ያንን መርምራ ልትጨምር ይገባል። ካልተገኘ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። «ለሌላው ጊዜ ደንበኝነታችን» ተብሎ አንድ ሺህ ከተጨመረ በደብዳቤው ላይ የተሠራው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል፤ 4,000ውም የመነሻ ዋጋ የነበረ ይመስላል።

ሦስተኛዋ ደግሞ እንደዛተችው ወደ ንግድ ቢሮ ትሄዳለች። ባለሱቋ ይህን እንደ ስድብ ማየት የለባትም፤ መብቷ ነው፣ ደብዳቤውም «እንዳትከሺ» አላላትም። እዚያ የሚጠየቀው ደግሞ ይኸው ነው፤ ዕቃው ጉድለት አለበት ወይ፣ ቅሬታው በጊዜው ቀርቧል ወይ፣ ሻጩ ምን አቀረበ። በ12ኛው ቀን የመጣን ቅሬታ በ13ኛው ቀን መርምሮ፣ በ14ኛው ቀን ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለመለወጥ ወይም ዋጋውን ለመመለስ በጽሑፍ ያቀረበ ሱቅ የሚያሳየው ነገር አለው። የተጠራጠረ መርማሪ የእርጥብ ጨርቁን ሙከራ ራሱ ሊደግመው ይችላል፤ ክሩ ያንኑ መልስ ይሰጠዋል።

የባለሱቋ አቋም የሚፈርስበት ሁኔታም አለ። የአስተጣጠቡ ምክር በደረሰኙ ላይ ባይጻፍ፣ የቀሚሱ ርዝመት ሲረከብ ባይመዘገብ፣ ወይም ጥልፉም እንደ ጥለቱ ቀለም ቢለቅ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። በተለይ ሦስተኛው ቢሆን ኖሮ ከቀይ ልብስ ጋር መታጠቡ እንኳ ሙሉ መከላከያ አይሆናትም፤ ሁለት ጉዳት በአንድ ቀሚስ ላይ ሲደራረብ የትኛው የቱን እንዳበላሸ መለየት ይከብዳል፣ ያኔ የቀሚሱን ዋጋ መካፈል ምክንያት ያገኛል። ደብዳቤው የጸናው ሙከራው እንዲህ ስለወጣ ነው።

ከእንዲህ ያለ ክርክር በኋላ በሱቁ ውስጥ የሚለወጡት ነገሮች ጥቂትና ርካሽ ናቸው። ከሸማኔ የሚመጣ ባለ ቀለም ክር ሁሉ ከመሸመኑ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይታሻል፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ክር አንድ ስንዝር ተቆርጦ በመዝገቡ ገጽ ላይ በስፒል ይያዛል። የአስተጣጠቡ ምክር ከደረሰኙ ጀርባ በተጨማሪ በልብሱ ውስጥ በትንሽ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ይሰፋል፤ ልብሱን የሚያጥበው ሰው ደረሰኙን ያየ ላይሆን ይችላልና። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው መስመርም «በልክ የተሠራ ልብስ የሥራ ወይም የክር ጉድለት ካልተገኘበት አይመለስም» ተብሎ ይታረማል። የእያንዳንዱ ክፍል ዋጋ ደግሞ በመዝገቡ ብቻ ሳይሆን በደረሰኙም ላይ ለየብቻ ይሰፍራል፤ ቀሚስ 14,000፣ ነጠላ 4,000። በደረሰኙ ላይ «ሙሉ ልብስ፣ 18,000» ብቻ ተብሎ ቢሆንና ደንበኛዋ መዝገቡን አላምንም ብትል ኖሮ፣ የነጠላው ዋጋ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለተኛ ክርክር ይከፍት ነበር።